ግንባር ላይ ይበቅላል፣ አንገት ላይ ያርፋል

ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት ተለቅ ተደርጎ የሚታጠብ ፎቶ ሲፈለግ በብዙ ቤት የሚገኘው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ለመታወቂያ ተብሎ የተነሱት፣ 3 በ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ የተላጠ ወረቀት። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፎቶው የተነሣው በመጥፎ ጊዜ ሆኖ ይገኛል። እናት ባላቸው ወይም ወንድማቸው ሞቶ ፀጉራቸውን በሐዘን የተቆረጡ ሰሞን ነው የተነሱት። ልጆቹ ግን እናታቸውን የሚያውቋቸው በሹሩባቸው ነው። ፎቶ ቤት ሄደው የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው፦ ፎቶውን አሳድጉልን፣ ፀጉራቸውንም መልሱልን።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ከሌላ ሰው ፎቶ ላይ ሹሩባ ቆርጦ አምጥቶ ጭንቅላቱ ላይ ማስቀመጥ በፎቶሾፕ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ውጤቱ ሲታይ ግን ቤተሰቡ ዝም ይላል፤ ከዚያ አንዷ ልጅ “እማዬን አትመስልም” ትላለች። ምን እንደጎደለ ግን መናገር አትችልም። ፊቱ አልተነካም፣ ዓይኑም አፉም የእናቷ ነው። የተበላሸው ፀጉሩ ከቆዳው ጋር በሚገናኝባቸው ሁለት ቦታዎች ነው፤ አንዱ ግንባር ላይ፣ ሌላው አንገት ላይ። እዚያ ላይ ሥራው ካልተሳካ የቀረው ፀጉር የቱንም ያህል ቢያምር ኮፍያ ያደረጉ ነው የሚመስለው።

የፎቶ አስተካካዮችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ሁለቱን ቦታዎች አንድ ዓይነት አድርጎ ማየት ነው። ለሁለቱም ያው ለስላሳ ብሩሽ ይነሳል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ አለቀ ይባላል። ነገር ግን ግንባር ላይ ፀጉር ከቆዳ ውስጥ ነው የሚወጣው። ቆዳው ቀስ በቀስ ፀጉር እየሆነ ይሄዳል እንጂ ጠርዝ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ጥላም እምብዛም የለም። አንገት ላይ ደግሞ ፀጉሩ ከላይ ወርዶ ነው ቆዳው ላይ የሚያርፈው። እዚያ ጠርዝ አለ፣ ከጠርዙ ሥር ደግሞ ጥላ አለ። ግንባር ላይ ጥላ ካደረጉ ፀጉሩ ከቆዳው ተነጥሎ ይነሣል። አንገት ላይ ጥላ ካላደረጉ ደግሞ ፀጉሩ አየር ላይ ይንሳፈፋል። የሥራው ምስጢር ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ የቀረው ትዕግሥት ነው።

ፎቶ ላይ ፀጉር መጨመር ኮምፒውተር ያመጣው ሥራ አይደለም። በፊልምና በመስታወት ኔጋቲቭ ዘመን አስተካካዮች በእርሳስና በስለት ይሠሩ ነበር። ኔጋቲቭ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ በእርሳስ ያጠቆሩት ቦታ ሲታጠብ ነጣ ብሎ ይወጣል፣ በስለት የፋቁት ደግሞ ይጠቁራል። ስለዚህ ጥቁር ፀጉር ለመጨመር ኔጋቲቩን በቀጭኑ መፋቅ ወይም በታጠበው ወረቀት ላይ በቀለም መሳል ያስፈልግ ነበር። በ1860 አብርሃም ሊንከን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ማቲው ብሬዲ ኒው ዮርክ ውስጥ ያነሳቸው ፎቶ ጢም የሌለው ነው። ከምርጫው በኋላ ሊንከን ጢም ማሳደግ ሲጀምሩ የሥዕል አታሚዎች አዲስ ፎቶ እስኪመጣ መጠበቅ አልፈለጉም፤ በዚያው በቀድሞው መልክ ላይ ጢም ጨመሩበት። አዲሱን ጢም ሳያዩ የጨመሩትም ስለነበሩ የአንዱ ጢም የሌላውን አይመስልም ነበር። ያላዩትን ፀጉር በግምት መሥራት ያኔም ዛሬም የሚያመጣው ችግር አንድ ነው።

ወደ ጉርዱ ፎቶ እንመለስ። ይህ ፎቶ እንደ ምሳሌ ሲታይ ሴትየዋ ስድሳ ዓመት አካባቢ ናቸው። ፀጉራቸው ከተቆረጠ በኋላ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አድጓል፣ ትከሻቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል፣ ከኋላቸው ያለው መጋረጃ ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው። ቤተሰቡ የሚፈልገው 30 በ 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ነው፤ የመጀመሪያው 10 እጥፍ ማለት ነው። በጉርዱ ላይ ከግንባር ፀጉር መነሻ እስከ አገጭ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የነበረው ፊት ሲታጠብ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ከሰው እውነተኛ ፊት ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው። ስለዚህ በትንሿ ወረቀት ላይ የማይታይ ስህተት ሁሉ ግድግዳው ላይ ይታያል።

ፎቶው ስካን ሲደረግ መጠኑ በኢንች 1,200 ነጥብ ቢሆን 1,417 በ 1,890 ፒክስል ይወጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት መሥራት ብዙ ልፋት ያድናል። ከፀጉር መነሻ እስከ አገጭ ያለው ፊት 945 ፒክስል ገደማ ይይዛል። የሰው ፊት በዚያ ልክ 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን በአንድ ሚሊ ሜትር 5 ፒክስል ይደርሳል። አንድ የራስ ፀጉር ግን ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ይቀጥናል። እንግዲህ አንዲት ፀጉር በዚህ ፎቶ ላይ ግማሽ ፒክስል እንኳ አትሞላም ማለት ነው። ካሜራው ያላያትን ነጠላ ፀጉር በጥቁር ብሩሽ ጥርት አድርጎ መሳል ፎቶውን ወዲያው ያጋልጠዋል። የሚታየው የፀጉር ጭፍን ነው፣ ጭፍኑ ሳሳ ሲል ደግሞ ቆዳውን የሚያጠቁር ጥላ የመሰለ ነገር። መሳል ካስፈለገም አንድ ፒክስል ስፋት ባለው ብሩሽ፣ ድፍረቱን ወደ 30 ወይም 40 በመቶ ዝቅ አድርጎ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሹሩባው ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ከኢንተርኔት የተገኘ የሞዴል ፎቶ መውሰድ ከሁሉ የሚቀል፣ ከሁሉም የማይስማማ መንገድ ነው። የሟቿ የራሳቸው ሌላ ፎቶ ካለ፣ ለምሳሌ በሠርግ ላይ ከሰው መሀል የተነሱት፣ ቢደበዝዝም መመሪያ ይሆናል፤ ሹሩባው ስንት መስመር እንደነበር፣ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደነበር ወይም ይጠማዘዝ እንደነበር ያሳያል። ፀጉሩን ራሱን ለማግኘት ግን የተሻለው መንገድ የሥጋ ዘመድ መፈለግ ነው። እህት ወይም ልጅ ያንኑ ዓይነት ሹሩባ ተሠርታ ብትነሣ የፀጉሩ ዓይነት፣ ጥቅጥቅነቱና ጥቁረቱ ይቀራረባል።

እሷን ሲያነሱ ብርሃኑን ከጉርዱ ፎቶ መቅዳት ያስፈልጋል። በጉርዱ ላይ የአፍንጫው ጥላ ወዴት እንደወደቀ ማየት ይበቃል። በዚህ ፎቶ ጥላው ወደ ቀኝና ወደ ታች ትንሽ ያዘነብላል፤ መብራቱ የነበረው ከተመልካቹ በስተግራ ከፍ ብሎ ነው ማለት ነው። ዓይን ብሌን ላይ ያለችው የብርሃን ነጥብም ይህንኑ ትመሰክራለች። እህትየው እንግዲህ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ መስኮቱ በዚያው ወገን ሆኖ ትቀመጣለች፤ ከኋላዋ ነጭ አንሶላ ይወጠራል። ካሜራው ወይም ስልኩ በዓይኗ ትክክል ቁመት፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ባላነሰ ርቀት ላይ ይሁን። ስልክን ፊት ላይ አስጠግቶ ያነሱት ፎቶ ግንባሩንና አፍንጫውን ያገዝፋል፣ ጎንና ጎኑን ወደ ኋላ ይሸሻል። እንዲህ የተነሣ ሹሩባ ከጉርዱ ፎቶ ጭንቅላት ጋር በምንም ዓይነት መጎተት አይገጥምም።

ነጩ አንሶላ የተወጠረበት ምክንያት ፀጉሩን ለመቁረጥ ሲባል ነው። ጥቁር ፀጉር በነጭ ላይ ሲሆን ሌየሩን Multiply በሚባለው አሠራር ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ነጩ ይጠፋል፣ ጥቁሩ ይቀራል። በመቀስም በማስክም የማይያዙት ጠርዝ ላይ የወጡ ጭፍን ፀጉሮች ሳይቀሩ ያልፋሉ። አንሶላው ሙሉ በሙሉ ነጭ ካልሆነ ግን ዙሪያውን ግራጫ መጋረጃ ይቀራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በ Curves ነጩን ወደ ንጹሕ ነጭ ማድረስ ያስፈልጋል። የዚህ ዘዴ ወሰንም ይታወቃል። Multiply ማጥቆር እንጂ ማብራት አይችልም። ከኋላው ያለው ነጣ ያለ ሰማያዊ መጋረጃ ስለሆነ እዚህ ይሠራል፤ ጥቁር ልብስ ላይ ግን የፀጉሩ ወዝ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሁለት ቅጂ ይይዛሉ፤ መሀሉን በተራ ሌየርና በማስክ፣ የውጪውን ጠርዝ ብቻ በ Multiply።

አሁን ግንባሩ ላይ ደረስን፤ ብዙው ጊዜ የሚጠፋውም እዚህ ነው።

በግንባር ፀጉር መነሻ ላይ ያሉት ፀጉሮች ከመሀል አናት ካሉት ይቀጥናሉ፣ ይሳሳሉ፣ ቀለማቸውም ፈዘዝ ይላል። መስመሩም ቀጥ ያለ አይደለም፤ አንዷ ቀደም ትላለች፣ ሌላዋ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ነው ጥቅጥቅ የሚሉት። ፀጉር የሚተክሉ ሐኪሞች በፊተኛው ረድፍ አንድ አንድ ፀጉር ብቻ እያደረጉ፣ ሁለትና ሦስት ፀጉር ያለበትን ከኋላ የሚተክሉት ለዚህ ነው። ጥሩ ዊግ የሚሠሩም እንዲሁ ፊተኛውን ጠርዝ በቀጭን መረብ ላይ አንዲት አንዲት ፀጉር በእጅ እየቋጠሩ ያሳሳሉ። የፎቶ አስተካካዩም ከእነሱ የተለየ ሕግ የለውም።

የእኛ ሴትዮ ፎቶ አንድ ትልቅ ጸጋ አለው። ፀጉራቸው አጭር ቢሆንም የራሳቸው የግንባር መነሻ ይታያል። ይህ መስመር እንደ አፍንጫና እንደ አገጭ ሁሉ የሰውየው መታወቂያ ነው። አንዳንዱ ግንባሩ ሰፊ ነው፣ አንዳንዱ መሀል ላይ ሹል ሆኖ ይወርዳል፣ አንዳንዱ በሁለት ጎን ይገባል። ስለዚህ መነካት የለበትም። አዲሱ ሹሩባ ከመስመሩ ላይ ሳይሆን ከመስመሩ ኋላ 5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በዚህ ፎቶ ልክ 25 ፒክስል ገባ ብሎ ይጀምራል። ከፊት የሚቀረው የራሳቸው አጭር ፀጉር ነው። በእውነተኛ ሹሩባም ቢሆን ሠሪዋ ልትይዛቸው ያልቻለቻቸው አጫጭር ፀጉሮች ከመጀመሪያው ጉንጉን ፊት ቀርተው ይታያሉ፤ የሴትየዋ የበቀለ ፀጉር ያንን ቦታ በራሱ ይሞላዋል።

የሹሩባው ጅማሬ ማስክ የሚደረገው በትልቅ ለስላሳ ብሩሽ አይደለም። ለስላሳ ብሩሽ ግንባሩ ላይ ጭጋግ ይተዋል፤ ፀጉርም ያልሆነ ቆዳም ያልሆነ ግራጫ ቀበቶ። ጠንካራ ብሩሽ ደግሞ መቀስ የቆረጠው ጠርዝ ይሠራል። ትክክለኛው ማስኩን ራሱን እንደ ፀጉር መሳል ነው፤ በቀጭን ብሩሽ፣ ከሥር ወደ ጫፍ እየቀጠነ፣ አንዱ ረዘም ሌላው አጠር እያለ። የእስክሪብቶ ታብሌት ያለው የእጁን ግፊት እያላላ ይሠራዋል። አቅጣጫውም ቦታ ቦታ ይለያል። ለሹሩባ በተያዘ ፀጉር መሀል ግንባር ላይ ቀጥታ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከቅንድብ ጫፍ በላይ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ጆሮ ፊት ያለው ቀጭን ፀጉር ግን ወደ ታች ነው የሚወርደው። ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ የሳለ ሰው ፎቶው ለምን እንደማይጥም ሳያውቅ ይቀራል።

በጉንጉኖቹ መካከል የሚታየው የራስ ቆዳ ሌላ ጣጣ አለው። ያ ቆዳ የእህትየው ነው። ፀሐይ ስለማያገኘው ከግንባር ቆዳ ትንሽ ፈካ ማለቱ ትክክል ነው፣ ነገር ግን መነሻው የእህትየው መልክ ሳይሆን የሟቿ ግንባር መሆን አለበት። መስመሮቹን ብቻ መርጦ በ Curves ወደ ግንባሩ ቀለም ማስጠጋት ይበቃል። ሲጨርሱ ዓይንን ከግንባር ጀምሮ በአንዱ መስመር ወደ ኋላ መውሰድ ጥሩ ፈተና ነው፤ ቆዳው መሀል ላይ ድንገት ቀለም ከቀየረ ገና ነው። መስመሮቹም በጭንቅላቱ ቅርጽ ይታጠፋሉ፤ መሀል ላይ ያለው ሰፋ ብሎ ሲታይ ወደ ጎን ሲሄዱ እየጠበቡ ይቀራረባሉ።

የዕድሜ ነገርም አለ። ለብዙ ዓመት ጥብቅ ሹሩባ የተሠራ ፀጉር ከጎንና ከጎን፣ ከቅንድብ ጫፍ በላይ ባለው ቦታ እየሳሳ ይሄዳል፤ የቆዳ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ጉዳይ ነው። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሴት ላይ ያንን ቦታ በጥቅጥቅ ፀጉር መሙላት ማስዋብ ይመስላል፣ ሰውየውን ግን ይቀይራል። “እማዬን አትመስልም” የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሽበቱም እንደዚያው፤ የራሳቸው አጭር ፀጉር ላይ ያለው ሽበት ሹሩባው ላይ ካልቀጠለ ሁለት ዕድሜ በአንድ ጭንቅላት ላይ ይሆናል።

የግንባሩ መነሻ ጨርሶ በማይታይበት ፎቶ፣ ለምሳሌ ሙሉ በሙሉ ሲላጩ ወይም ሻሽ ሲሸፍነው፣ ሠዓሊዎችም ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ልኬት አለ፦ ከፀጉር መነሻ እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ያሉት ሦስት ርቀቶች ይቀራረባሉ። ይህ ግን መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። ዘመድ አስቀምጦ ግንባራቸው ይህን ያህል ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ከልኬቱ ይበልጣል።

ወደ አንገት ስንወርድ ሥራው ይቀየራል። ብዙ ሹሩባ ከማጅራት በታች ተፈትቶ ይበተናል፤ ስለዚህ ከአንገቱ ግራና ቀኝ ጎፈር ያለ ፀጉር ይታያል። ይህ ፀጉር ከአንገቱ ኋላ ነው ያለው እንጂ ፊት ለፊት አይደለም። ስለዚህ አንገቱንና ትከሻውን በጥንቃቄ መርጦ ፀጉሩን ከሥራቸው ባለ ሌየር ላይ ማስገባት የግድ ነው። ትከሻ አልፎ ወደ ፊት የመጣ ጭፍን ካለ ግን እሱ ብቻ ከላይ ይሆናል። ከአንገት ኋላ ያለው ፀጉር ብርሃን ስለማያገኘው ከአናቱ ይጠቁራል፤ እንደ አናቱ የሚያበራ ከሆነ ወደ ፊት ዘልሎ ይወጣል።

ፀጉሩ ቆዳ ላይ ወይም ነጠላ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ሁለት ጥላ ይፈልጋል፤ ሁለቱን በአንድ ለማድረግ መሞከር የብዙዎች ስህተት ነው። የመጀመሪያው ፀጉሩ ከቆዳው ጋር የተነካካበት ነው፤ ጠባብ፣ ጠቆር ያለ፣ ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ በዚህ ፎቶ ከ10 እስከ 15 ፒክስል። ድፍረቱ እስከ 50 ወይም 60 በመቶ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛው ፀጉሩ መብራቱን ስለጋረደ የሚወድቀው ነው፤ ሰፋ ያለ፣ ለስላሳ፣ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ድፍረቱም ከ20 እስከ 25 በመቶ ብቻ። መብራቱ ከግራ ከላይ ስለሆነ ይህኛው ወደ ቀኝና ወደ ታች ይሸሻል። ሁለቱም በ Multiply ሌየር ላይ ይሠራሉ።

የጥላው ቀለም ጥቁር መሆን የለበትም። በጥቁር የተሠራ ጥላ የጠይም ሰው ቆዳ ላይ አመድ ነው የሚመስለው፣ አንገቱ ያልታጠበ ይመስላል። በቆዳ ላይ የሚወድቅ ጥላ ቀይ ያዘለ ጥቁር ቡናማ ነው። ቀለሙን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከራሳቸው አገጭ ሥር ካለው ጥላ ላይ መውሰድ ይበቃል። ነጠላው ላይ ግን ያው ቡናማ አይሠራም፤ የነጭ ጨርቅ ጥላ ግራጫ ነውና ከነጠላው እጥፋት ውስጥ ይወሰዳል።

ነጠላው ሌላም ነገር ያደርጋል። ነጭ ስለሆነ ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል፤ ከእሱ በላይ ያለው ፀጉር ታችኛው ጫፍ ላይ በጥቂቱ ፈካ ይላል። ይህን ማድረግ ሰከንዶች ነው የሚፈጀው፣ ፀጉሩን ግን ከልብሱ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል። በተቃራኒው ከአንሶላው የተረፈ ነጭ ጠርዝ ጥቁሩን ፀጉር ከቦ ከቀረ፣ ነጠላው ላይ ባይታወቅም ሰማያዊው መጋረጃ ላይ ወዲያው ይታያል፤ ጠርዙን አንድ ፒክስል ወደ ውስጥ መግፋት ያስወግደዋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር ጆሮና የጉንጭ ጠርዝ ነው። ፎቶው ሲነሣ ፀጉሩ አጭር ስለነበር ብርሃኑ ጆሮውንና የአንገቱን ጎን በነፃነት መቶታል። አሁን በግራና በቀኝ ጎፈር ያለ ፀጉር ከወረደ ያ ብርሃን መቀነስ አለበት። የጆሮው ጀርባና ከጆሮ ሥር ያለው አንገት ትንሽ ካልጠቆረ፣ ብርሃኑ ፀጉሩን ሰንጥቆ የገባ ይመስላል።

ከዚህ በኋላ አዲሱን ፀጉር ማስረጀት ይቀራል። ሹሩባው በስልክ የተነሣ፣ ጥርት ያለ ነው፤ ጉርዱ ግን የወረቀት ሸካራነትና የፊልም ቅንጣት አለው። ሹሩባውን በግማሽ ወይም በአንድ ፒክስል ማደብዘዝ፣ ከዚያ በፊቱ ላይ ካለው ቅንጣት ጋር የሚመሳሰል ቅንጣት መጨመር ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ቅንጣቱ ቀድሞ ተጨምሮ ፎቶው ቢደበዝዝ ቅንጣቱም አብሮ ይጠፋል። ጥቁረቱም ይመዘን፤ በቆየ ወረቀት ላይ ፍጹም ጥቁር የሚባል የለም። የፎቶው ጥቁር ወደ ቡናማ ካዘነበለ፣ የተጨመረው ፀጉርም ከዚያ ጥቁር በላይ መጥቆር የለበትም።

ለመፈተሽ ሦስት መንገድ በቂ ነው። ፎቶውን ግራና ቀኝ ማገላበጥ፤ ዓይን የለመደው ስህተት ያኔ ይጋለጣል። በ Curves ለጊዜው ከልክ በላይ ማብራት፤ በጥቁሩ ውስጥ የተደበቀ የማስክ ጠርዝ፣ የተረሳ ቁራጭ ቆዳ ወጥቶ ይታያል። ሦስተኛው ደግሞ በ 10 በ 15 ወረቀት አሳጥቦ ማየት ነው። ስክሪን ላይ የተለያዩ የሚመስሉ ጥቁሮች ወረቀት ላይ አንድ ሆነው ሹሩባው ጠፍጣፋ ጥቁር ሊሆን ይችላልና፣ ገንዘቡ ለትልቁ ከመውጣቱ በፊት በትንሹ መሞከር ይሻላል።

ረጅም ፀጉር ማሳጠር ከማስረዘም ይከብዳል፤ ደንበኛ ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። ሲያስረዝሙ ያለውን ይሸፍናሉ። ሲያሳጥሩ ግን ፎቶው ውስጥ ጨርሶ ያልነበረ ነገር ይጠየቃል፦ የአንገቱ ጎን፣ የትከሻው መስመር፣ የሸሚዙ ኮሌታ፣ ከኋላ ያለው መጋረጃ። አንድ ወገን ከታየ ገልብጦ መቅዳት ይቻላል፣ ነገር ግን ብርሃኑ ከአንድ ጎን ከሆነ የተገለበጠው ወገን ብርሃኑም ይገለበጣልና እንደገና መስተካከል አለበት። ሁለት ነገር ደግሞ ይረሳል። አንደኛው የቀድሞው ፀጉር ጉንጭና አንገት ላይ የጣለው ጥላ ነው፤ ፀጉሩ ሲሄድ ጥላው ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ሁለተኛው የጭንቅላቱ መጠን ነው። ጎፈሬ ወይም አፍሮ ከራስ ቅሉ በላይ ብዙ ሴንቲ ሜትር ይነሣል። ፀጉሩ ሲያጥር የጭንቅላቱ ዙሪያም አብሮ ካልወረደ ሰውየው ራሱ ትልቅ ሆኖ ይወጣል።

የማይሠራበት ጊዜም አለ። ፎቶው በጣም ከደበዘዘ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ ለዚያ አቅጣጫ የሚሆን ፀጉር ካልተገኘ፣ ወይም የፀጉሩ መነሻ ጠፍቶ የሚመሰክር ዘመድ ከሌለ፣ ሻሽ ወይም ነጠላ ማልበስ ከሹሩባ ይልቅ ይቀላል፣ ይበልጥም እውነት ይሆናል። ጥሩ ባለሙያ ይህን ለቤተሰቡ አስቀድሞ ይናገራል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የመታሰቢያ ፎቶና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ፎቶም መለያየት አለባቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሲሞሉት የቆዩት የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ ፎቶው ባለፉት 6 ወራት ውስጥ የተነሣ እንዲሆን ይጠይቃል፤ መልክን በሚቀይር መንገድ በኮምፒውተር የተስተካከለ ፎቶም አይቀበልም። የግንባርን ፀጉር መሙላት፣ የተቆረጠን ፀጉር ማስረዘም በዚህ ክልከላ ውስጥ ይገባል። ለፓስፖርትም ለዲቪም ፀጉር የሚያሳምር ፎቶ ቤት ለደንበኛው ውለታ እየዋለ አይደለም። ለእናት መታሰቢያ ሹሩባ የሚያሠራ ቤተሰብ ደግሞ ያልተነካውን ጉርድ ፎቶና የመጀመሪያውን ስካን ከባለሙያው ይቀበል፣ ከትልቁ ፎቶ ጋርም አብሮ ያስቀምጥ።